ወፏ ከግንዱ መቼ ትነሣ? የኅዳግ ዋጋ ቲዎረምን በቁጥር ሠርቶ ኤሴይ ውስጥ ማስገባት

አንዲት ወፍ ግንድ ላይ አርፋ ከቅርፊቱ ሥር እጭ ትለቅማለች እንበል። መጀመሪያ ላይ በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ታገኛለች። ቀላል ቀላሉን ከለቀመች በኋላ ግን ፍለጋው እየከበደ ይሄዳል። ግንዱ ላይ ገና እጭ አለ። ወዲያ ማዶ ደግሞ ያልተነካ ግንድ አለ። እዚያ ለመድረስ መብረር ያስፈልጋል፤ እየበረረች ደግሞ ምንም አትበላም። ትቆይ ወይስ ትሂድ?

በኦፕቲማል ፎሬጂንግ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ብዙ የተሠራበት ጥያቄ ይሄ ነው። ንድፈ ሐሳቡ የተጀመረው በ1966 ነው። በዚያ ዓመት ማክአርተር ከፒያንካ ጋር፣ ኤምለን ደግሞ ለብቻው፣ የእንስሳት ምግብ ፍለጋ እንደ ወጪና ገቢ ሊሰላ እንደሚችል ጻፉ። ከዚያ ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎች ወጡ። አንደኛው «ካገኘሁት ውስጥ የቱን ልብላ?» ነው። ሁለተኛው «እዚህ ቦታ ምን ያህል ልቆይ?» ነው። ለሁለተኛው ኤሪክ ቻርኖቭ በ1976 የሰጠው መልስ የኅዳግ ዋጋ ቲዎረም ይባላል።

ብዙ ተማሪ ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ቀላቅሎ ይጽፋል፤ ጽሑፉም ግራ ይጋባል። እኔ የምመክረው አንዱን ይዞ በቁጥር እስከ መጨረሻው መሄድ ነው። እዚህ የምንይዘው የቆይታውን ጥያቄ ነው። ምግብ የተሰባሰበበትን ቦታ፣ ማለትም በእኛ ምሳሌ አንዱን ግንድ፣ ፓች እንለዋለን።

1ኛ፦ ከስሌቱ በፊት ሦስት ነገር ወስኑ

ማንኛውም የዚህ ዓይነት ሞዴል በሦስት ነገር ላይ ይቆማል። እንስሳው የሚወስነው ምንድን ነው? ጥሩና መጥፎ ውሳኔ የሚለካው በምንድን ነው? እንስሳውን የሚገድበው ምንድን ነው?

በእኛ ምሳሌ ውሳኔው ወፏ በአንድ ግንድ ላይ የምትቆይበት ጊዜ ነው። መለኪያው በረጅም ጊዜ ውስጥ በአማካይ በደቂቃ የምታገኘው እጭ ነው። ገደቦቹም አሉ፦ እየበረረች መልቀም አትችልም፣ ግንዶቹን በየተራ ነው የምታገኛቸው፣ ለቅማ የተወችው ግንድ ላይ ወዲያው አትመለስም፣ የአካባቢውን አማካይ ሀብት ደግሞ ከልምድ ታውቃለች።

እነዚህን በኤሴያችሁ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ጻፏቸው። መጨረሻ ላይ ትንበያው ከታየው ነገር ጋር ሳይገጥም ሲቀር የምትመለሱት እዚህ ነው። አንዱ ገደብ ወይም መለኪያው ራሱ ልክ ላይሆን ይችላል። አስቀድሞ ያልተጻፈ ግምት ኋላ ላይ ሊመረመር አይችልም።

2ኛ፦ የገቢውን ኩርባ አግኙ

የገቢ ኩርባ ማለት ወፏ ግንዱ ላይ በቆየች ቁጥር ጠቅላላ ስንት እጭ እንዳገኘች የሚያሳይ መስመር ነው። አግድም ጊዜ፣ ሽቅብ የተለቀመው እጭ። ቲዎረሙ የሚሠራው ይህ ኩርባ መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ እያደር የሚተኛ ሲሆን ነው።

ለምን ይተኛል? ምክንያቱን መጻፍ አለባችሁ፤ «ገቢው ይቀንሳል» ማለት ብቻ አይበቃም። እንደኛ ወፍ ከሆነ ምግቡ እያለቀ ስለሚሄድ ነው። ታዳኙ ደንግጦ ስለሚደበቅም ሊሆን ይችላል። ስታርሊንግ የሚባለው ወፍ ለጫጩቶቹ ምግብ ሲሰበስብ ሜዳው ላይ ያለው ምግብ ባያልቅም ገቢው ይቀንሳል። መንቁሩ አስቀድሞ በያዘው ትል ስለሚሞላ፣ ሣሩን ሰርስሮ ለመፈለግ ይቸገራል። ኩርባው ያው ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ለምሳሌያችን እንዲህ ያለ ኩርባ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስተማር የተመረጡ ናቸው፤ ሲሰሉ ንጹሕ መልስ ይሰጣሉ።

```
G(t) = 12*t / (30 + t)
```

`t` ግንዱ ላይ የቆየችበት ሰከንድ ነው። `G(t)` እስከዚያ ድረስ የለቀመችው እጭ ነው። 12 ግንዱ ላይ ያለው ጠቅላላ እጭ ነው። 30 ደግሞ ግማሹን ለመልቀም የሚፈጀው ሰከንድ ነው። በ30 ሰከንድ 6 እጭ፣ በ60 ሰከንድ 8፣ በ90 ሰከንድ 9 ታገኛለች። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ 6 ሰጠ፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ብቻ። ኩርባው ሲተኛ እንዲህ ነው የሚታየው። በሰከንድ ክፍልፋይ እጭ የሚወጣው ነገሩ የብዙ ጉብኝት አማካይ ስለሆነ ነው።

በእውነተኛ መረጃ ስትሠሩ አንድ ወጥመድ አለ። ኩርባውን ወፎቹ በራሳቸው ፈቃድ ከቆዩበት ጊዜ ብቻ ብትሠሩት ይጣመማል። ረጅም የቆዩት ባብዛኛው ግንዱ ሀብታም የሆነላቸው ናቸው። ስለዚህ የኩርባው ቀኝ ጫፍ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ከዚያ ኩርባ የወጣ ትንበያ ደግሞ ወፎቹ ካደረጉት ጋር ቢገጥም አያስገርምም፤ ከእነሱው ውሳኔ ነው የተወሰደው። ኩርባው ከውሳኔው ተለይቶ መለካት አለበት። ለዚህ ነው ጥሩ ሙከራዎች ምግቡ በምን ያህል ጊዜ እንደሚገኝ ራሳቸው የሚቆጣጠሩት።

3ኛ፦ የጉዞውን ጊዜ ጨምሩና አማካዩን አስሉ

ከአንዱ ግንድ ወደሚቀጥለው ለመድረስ በአማካይ 120 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። አንድ ዙር ማለት ጉዞና ቆይታ ተደምረው ነው። ስለዚህ የረጅም ጊዜ አማካይ ገቢዋ የሚገኘው የለቀመችውን ለጠቅላላው ዙር ጊዜ በማካፈል ነው።

```
R(t) = G(t) / (t + 120)
```

ኤክሴል ላይ ለመሥራት በ`A` ዓምድ የቆይታ ሰከንዶችን ደርድሩ። ከጎኑ ይህን አስገቡና ወደ ታች ጎትቱት። መጀመሪያ ላይ ያለው 60 መልሱን በደቂቃ ያደርገዋል።

```
=60*(12*A2/(30+A2))/(A2+120)
```

ውጤቱ እንዲህ ነው። 30 ሰከንድ ቆይታ ብትነሣ 6 እጭ በ150 ሰከንድ፣ ማለትም በደቂቃ 2.40 ታገኛለች። በ45 ሰከንድ ብትነሣ 2.62። በ60 ሰከንድ 2.67። በ90 ሰከንድ 2.57። በ120 ሰከንድ ተመልሶ 2.40።

ከፍተኛው 60 ሰከንድ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት 8 እጭ ለቅማለች፣ 4 ግንዱ ላይ ቀርቷል። ወፏ የምትነሣው ምግቡ ሳያልቅ ነው። «ፓቹ ሲያልቅ ትሄዳለች» የሚል ዓረፍተ ነገር በረቂቃችሁ ውስጥ ካለ አውጡት።

4ኛ፦ ቲዎረሙን ከቁጥሩ ውስጥ አውጡ

እስካሁን ከፍተኛውን ያገኘነው በሙከራ ነው። ቻርኖቭ ያሳየው ከፍተኛው ነጥብ የሚታወቅበትን ሕግ ነው፦ ወፏ መነሣት ያለባት አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ ከግንዱ የምታገኘው ገቢ ከአካባቢው አጠቃላይ አማካይ ገቢ ጋር እኩል ሲሆን ነው።

የቅጽበቱ ገቢ የኩርባው ስሎፕ ነው። ለእኛ ኩርባ ዲሪቬቲቩ ይሄ ነው፦

```
G'(t) = 360 / (30 + t)^2
```

60 ሰከንድ ላይ 360ን ለ8100 ስናካፍል በሰከንድ 0.0444፣ በደቂቃ 2.67 ይወጣል። ከላይ ካገኘነው አማካይ ጋር ልክ አንድ ነው። አሁን ግራና ቀኙን እዩ። 30 ሰከንድ ላይ የቅጽበቱ ገቢ በደቂቃ 6 ነው፤ እዚያ ብትነሣ አማካይዋ 2.40 ይሆናል። ገና ከአማካዩ በላይ እያገኘች ነውና መሄድ የለባትም። 120 ሰከንድ ላይ የቅጽበቱ ገቢ በደቂቃ 0.96 ወርዷል። እዚያ የምታሳልፈው እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰከንድ አማካይዋን ወደ ታች ይጎትታል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰው የቅጽበቱን ገቢ ትቶ በግንዱ ላይ የነበረውን አማካይ ይወስዳል። 8 እጭ በ60 ሰከንድ በደቂቃ 8 ነው፤ 2.67 አይደለም። ይህን 8 ከአካባቢው አማካይ ጋር ብታወዳድሩት ወፏ ገና ብዙ መቆየት ያለባት ይመስላል። ጉዞው ያልተቆጠረበት አማካይ ለዚህ ውሳኔ አይጠቅምም። መምህር ጽሑፋችሁን ሲያርም ቶሎ ዓይኑ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ «አማካይ» በጻፋችሁ ቁጥር የምን አማካይ እንደሆነ ጨምሩ።

5ኛ፦ ሥዕሉን ሣሉ

ይሄ አጭር ነው። ከመካከል አንድ ሽቅብ መስመር አስምሩ። ከእሱ በስተቀኝ የቆይታ ጊዜ፣ በስተግራ የጉዞ ጊዜ ይሆናል። ኩርባውን ከመካከሉ ጀምራችሁ ወደ ቀኝ ሣሉ። በግራ በኩል 120 ላይ ነጥብ አድርጉ። ከዚያ ነጥብ ተነሥታችሁ ኩርባውን በጭንቅ የሚነካ ቀጥታ መስመር፣ ማለትም ታንጀንት፣ አስምሩ። የነካበት ቦታ ትክክል 60 ሰከንድ ላይ ይሆናል። የመስመሩ ስሎፕ አማካይ ገቢው ነው። ከዚያ ነጥብ ተነሥተው ኩርባውን ከሚያገኙ መስመሮች ሁሉ ከዚህ የበለጠ ሽቅብ የሚወጣ የለም፤ ከፍተኛ የሆነውም ለዚህ ነው።

ሥዕሉን በእጅ ስትሠሩ ኩርባው ከመካከሉ መነሣቱን አረጋግጡ። ከግራው ነጥብ ካስነሣችሁት ጉዞውን ጭራሽ አልቆጠራችሁትም ማለት ነው።

6ኛ፦ ጉዞውን ለውጡና ትንበያ አውጡ

አንድ ቁጥር ብቻውን ትንበያ አይሆንም። ሊፈተን የሚችል ነገር የሚወጣው ጉዞው ሲለዋወጥ ነው። ለእኛ ኩርባ የቅጽበቱን ገቢና አማካዩን አስተካክላችሁ ስትፈቱ ይሄ ይቀራል፦

```
t* = sqrt(30 * T)
```

`T` የጉዞው ሰከንድ ነው፣ `t*` ደግሞ ምርጡ ቆይታ። ጉዞው 30 ሰከንድ ሲሆን ወፏ 30 ሰከንድ ትቆይና 6 እጭ ትታ ትሄዳለች። ጉዞው 120 ሲሆን 60 ሰከንድ ትቆያለች፣ 4 ትተዋለች። ጉዞው 270 ሲሆን 90 ሰከንድ ትቆያለች፣ 3 ትተዋለች። ግንዶቹ ሲራራቁ ቆይታው ይረዝማል፣ የሚተወው ምግብ ያንሳል። አቅጣጫው ለማንኛውም የሚተኛ ኩርባ ይሠራል። ስኩዌር ሩቱ ግን የእኛ ኩርባ ብቻ ነው፤ «ጉዞው አራት እጥፍ ሲሆን ቆይታው ሁለት እጥፍ ይሆናል» ብላችሁ እንደ አጠቃላይ ሕግ እንዳትጽፉት።

በቀመሩ ውስጥ 12 የለም። አያችሁት? ሁሉም ግንድ እኩል ከሆነ፣ በእያንዳንዱ 12 እጭ ይኑር 24፣ ምርጡ ቆይታ አይለወጥም። የግንዱ ገቢ እጥፍ ሲሆን የአካባቢውም አማካይ እጥፍ ይሆናል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። «ሀብታም ቦታ ላይ ረዘም ይቆያል» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ሀብታምና ድሃ ቦታ ሲቀላቀሉ ነው።

ቅልቅሉን እንየው። ግማሾቹ ግንዶች 12፣ ግማሾቹ 6 እጭ አላቸው። ጉዞው 120 ሰከንድ ነው። አሁን የአካባቢው አማካይ አንድ ነው፣ በደቂቃ ወደ 2.03 እጭ። ወፏ ከየትኛውም ግንድ የምትነሣው የቅጽበቱ ገቢዋ እዚህ ቁጥር ላይ ሲወርድ ነው። ከሀብታሙ 73 ሰከንድ ገደማ፣ ከድሃው 43 ሰከንድ ገደማ ቆይታ ትነሣለች። እዩት እንግዲህ፦ ያው ባለ 12 እጭ ግንድ፣ ያው ጉዞ፣ ግን ቆይታው ከ60 ወደ 73 ረዘመ። ግንዱ አልተለወጠም። ዙሪያው ስለደኸየ ነው። የቲዎረሙ ሙሉ ሐሳብ ለእኔ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። የመነሻው ጊዜ የሚወሰነው በፓቹ ብቻ ሳይሆን ከፓቹ ውጭ ባለው ዓለም ነው።

7ኛ፦ የኃይል ወጪውን አስገቡ

እስካሁን በረራውን ነፃ አድርገነዋል። በእውነቱ ግን በረራ ጉልበት ይበላል። ወጪውን በእጭ እንለካው። በረራ በሰከንድ የ0.01 እጭ ያህል ይፍጅ፣ ግንድ ላይ መፈለግ 0.002። በ120 ሰከንድ ጉዞ ምርጡ ቆይታ ከ60 ወደ 66 ሰከንድ ገደማ ይሄዳል። ጉዞው ውድ ስለሆነ ወፏ በተደጋጋሚ ባትጓዝ ይሻላታል።

ሁለቱ ወጪዎች በሰከንድ እኩል ቢሆኑስ? ምርጡ ቆይታ ተመልሶ 60 ይሆናል። ጠቅላላ ወጪው የቱንም ያህል ይብዛ፣ ቆይታውን የሚገፋው የሁለቱ ልዩነት ነው። ብዙ ጽሑፍ «የኃይል ወጪ ሲጨምር ቆይታ ይረዝማል» ብሎ ያልፋል። እናንተ የየትኛው ወጪ እንደሆነ ጻፉ።

8ኛ፦ ከታየው ጋር አወዳድሩ

ለኤሴይ የሚሆኑ ሦስት ጥናቶች አሉ። ሦስቱም የየራሳቸው ነገር ያስተምራሉ፤ ሁለቱን መርጣችሁ በደንብ ብታብራሩ ሦስቱንም ከመጥራት ይሻላል።

ሪቻርድ ካዊ በ1977 ግሬት ቲት በሚባሉ ትንንሽ ወፎች ላይ ሠራ። በትልቅ የወፍ ቤት ውስጥ ሰው ሠራሽ ዛፎች አቆመ። ቅርንጫፎቹ ላይ በሰጋቱራ የተሞሉ ትንንሽ ዕቃዎች ነበሩ፤ ትሎቹ ሰጋቱራው ውስጥ ተደብቀዋል። ዕቃዎቹ ክዳን አላቸው። ክዳኑ ሲላላ ወፏ ቶሎ ትገባለች፣ ሲጠብቅ ለመክፈት ጊዜ ይወስድባታል። ዛፎቹን ሳያራርቅ የጉዞውን ጊዜ ያስረዘመው በዚህ ነው። ክዳኑ ሲጠብቅ ወፎቹ ረዘም አድርገው ቆዩ፤ ልክ እንደ ትንበያው። የኃይል ወጪው ሲጨመርበት ደግሞ መግጠሙ ይበልጥ ተሻሻለ። 7ኛውን ደረጃ ያስገባሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አሌክስ ካሰልኒክ በ1984 ያወጣው የስታርሊንግ ሥራ የገቢውን ኩርባ ከውሳኔው በመለየት በኩል ግሩም ነው። ጫጩት የሚመግቡ ወፎችን ትል በቱቦ ከሚወርድበት ጠረጴዛ እንዲወስዱ አለማመዳቸው። ትሎቹ የሚወርዱት በመካከላቸው ያለው ጊዜ እየረዘመ ነው። ኩርባውን የሠራው ተመራማሪው ራሱ ስለሆነ በ2ኛው ደረጃ ያየነው ወጥመድ እዚህ የለም። ጠረጴዛውን ከጎጆው ከ8 እስከ 600 ሜትር ሲያርቀው ወፎቹ በአንድ ጉዞ የሚይዙት ትል በዛ። ወደ ጎጆ ተመላላሽ እንስሳ ሲሆን የጉዞው ጊዜ ደርሶ መልስ መሆኑን አትርሱ።

ሦስተኛው ምግብ አይደለም። ጄፍ ፓርከር ቢጫ የእበት ዝንብን አጠና። ወንዱ ትኩስ እበት ላይ ሴት ይጠብቃል። መገናኘቱ በረዘመ ቁጥር በእሱ ዘር የሚዳብረው እንቁላል ይበዛል፣ ግን ጭማሪው እያነሰ ይሄዳል። የተኛ ኩርባ ማለት ነው። ሌላ ሴት ለመፈለግና ያገኛትን ለመጠበቅ የሚያጠፋው 156 ደቂቃ እንደ ጉዞ ይቆጠራል። ከዚህ የወጣው ትንበያ 41 ደቂቃ ነበር፤ ዝንቦቹ የቆዩት በአማካይ 36 ደቂቃ ነው።

36 እና 41 ቅርብ ናቸው ወይስ ሩቅ? ለዚህ ወደ 3ኛው ደረጃ ቁጥሮች ተመለሱ። የእኛ ወፍ በ60 ፋንታ 90 ሰከንድ ብትቆይ ገቢዋ ከ2.67 ወደ 2.57 ነው የሚወርደው፤ 4 ከመቶ እንኳን አይሞላም። አማካይ ገቢውን በየቆይታው ብትሥሉት ጉብታ ይሠራል፤ የጉብታው አናት ጠፍጣፋ ነው። በቆይታ ላይ 50 ከመቶ መሳሳት በገቢ ላይ 4 ከመቶ ካላስከፈለ፣ ተፈጥሯዊ ምርጫ እንስሳውን ወደ ትክክለኛዋ ሰከንድ የሚገፋበት ጉልበት ደካማ ነው። ስለዚህ የአንዷን ቁጥር መግጠም ወይም አለመግጠም ትልቅ ማስረጃ አድርጋችሁ አትውሰዱ። ጠንካራው ፈተና ጉዞው ሲለወጥ ቆይታው በተተነበየው አቅጣጫና መጠን መለወጡ ነው።

ጉብታው ደግሞ በሁለቱም በኩል እኩል አይደለም። 30 ሰከንድ ቀድማ ብትነሣ ገቢዋ ወደ 2.40 ይወርዳል፤ 10 ከመቶ ኪሳራ ነው። 30 ሰከንድ አልፋ ብትነሣ ግን 4 ከመቶ አይደርስም። ጊዜውን በትክክል መለካት ለማይችል እንስሳ ወደ መቆየት ማዘንበሉ ርካሽ ስሕተት ነው። ፒተር ኖናክስ በ2001 የነበሩትን ጥናቶች ሲገመግም እንስሳት ባብዛኛው ከተተነበየው በላይ እንደሚቆዩ አሳይቷል። እሱ ምክንያቱን ያየው በእንስሳው ሁኔታ፣ በረሃብና በአደጋ በኩል ነው። ያልተመጣጠነው ጉብታ ከዚያ ጎን የሚቆም ማብራሪያ ነው። በራሳችሁ ሰንጠረዥ ማሳየት ስለምትችሉም ለኤሴይ ያመቻል።

9ኛ፦ አንቀጹን ጻፉ

የስሌቱ አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በፓቹ ውስጥ የሚገኘው ገቢ በ G(t) = 12t/(30+t) ቢወከልና በፓቾች መካከል ያለው ጉዞ 120 ሰከንድ ቢሆን፣ አማካይ ገቢው ከፍተኛ የሚሆነው በ60 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ የቅጽበቱ ገቢ ከዙሩ አማካይ ጋር እኩል፣ በደቂቃ 2.67 እጭ ይሆናል። ጉዞው ወደ 270 ሰከንድ ሲረዝም ምርጡ ቆይታ ወደ 90 ሰከንድ ይደርሳል። ይህ አቅጣጫ ካዊ በግሬት ቲት ላይ ካየው ጋር ይስማማል። ሆኖም የገቢው ጉብታ አናቱ ጠፍጣፋ በመሆኑ፣ ከትንበያው ጥቂት መራቅ ብቻውን ሞዴሉን ውድቅ አያደርግም።»

አንቀጹ ውስጥ ግምቱ፣ ውጤቱ፣ ከታየው ጋር ያለው ግንኙነትና ገደቡ በዚህ ቅደም ተከተል አሉ። ወፏ «ታሰላለች» የሚል ቃል የለበትም። ወፏ ዲሪቬቲቭ አትሠራም። ቀላል ልማድ ሊኖራት ይችላል፤ ለምሳሌ ካለፈው እጭ ወዲህ የተወሰነ ሰከንድ ባዶውን ካለፈ መነሣት። ሞዴሉ የሚለው እንዲህ ያለው ልማድ ወደ ምርጡ ውጤት ይጠጋል ነው እንጂ ልማዱ ምን እንደሆነ አይደለም።

ገደቦችን ስትጽፉ ዝርዝር አትደርድሩ። አንዱን ያዙና እንዴት እንደሚፈተን ተናገሩ። አዳኝን ብትመርጡ ለምሳሌ፣ ቲዎረሙ ስለ አደጋ ምንም አያስብም። አንድ ዓይነት ገቢ የሚሰጡ ሁለት የምግብ ሳህኖች፣ አንዱ ቁጥቋጦ ሥር፣ ሌላው ገላጣ ሜዳ ላይ ይቀመጡ። ቁጥቋጦው መሸሸጊያ ለሆነለት እንስሳ አደጋው ዋጋ የሚያስከፍለው ከሆነ፣ ሜዳው ላይ ያለውን ቶሎ ይተወዋል፣ ሳህኑ ላይም ብዙ ምግብ ይቀራል። ገቢ ብቻ የሚወስን ቢሆን ኖሮ በሁለቱም እኩል ይቀር ነበር። አስቀድማችሁ በ1ኛው ደረጃ «መለኪያው ገቢ ብቻ ነው» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነ፣ አንባቢው የሚፈተነው የትኛው ግምት እንደሆነ ወዲያው ያያል።